ከቀኝ የሚነሣ ቀስት

በዚያ ዓመት ዓለምዘውድን የሚያስቃትም የሚያስለቅሳትም ነገር አልነበረም። የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረው ባሏ በወባ ከሞተ በኋላ ዘመዶቿ ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥተው ዕቃሽን ጠቅልይና እንሂድ ብለዋት ነበር፤ እሷ ግን ቡታጅራ ቀረች። ቡታጅራን ወዳ አይደለም። ዕቃ ለመጠቅለል የትኛውን ልውሰድ፣ የትኛውን ልተው ብሎ ማሰብ ይጠይቃል፤ ለዚያ የሚሆን ልብ አልነበራትም። ጠዋት ትነሣለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ ለስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች፣ ማታ ወረቀት ታርማለች። ሰው ሲጠይቃት "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች። የሚጠይቋትም ሰዎች መልሱን አምነው ወደ ጉዳያቸው ይሄዱ ነበር፤ የከተማ ሰው ሐዘንተኛ ደህና ነኝ ሲለው ደስ ይለዋል፣ ከመቀመጥ ይገላገላል።

ጥር ላይ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አንድ እሽግ መጣ። በውስጡ በማባዣ የተባዙ፣ ቀለማቸው እጅ የሚያቆሽሽ ወረቀቶች ነበሩ፤ በላያቸው "የችሎታ መመዘኛ መልመጃ" ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አዲስ የተከፈተ የጤና ረዳቶች ማሠልጠኛ ከየአካባቢው ስምንተኛ ክፍል የደረሱ ልጆችን ይፈልጋል። ለወልቂጤና ለቡታጅራ በአንድነት የተሰጠው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ፈተናው ታሪክ አይጠይቅም፣ ጂኦግራፊ አይጠይቅም፤ ቁጥርና ሥዕል ደርድሮ የመጨረሻውን ሳጥን ባዶ ይተዋል። ተማሪው ባዶውን ይሞላል፤ ከሥሩ ባለው መስመር ላይ ደግሞ ለምን እንዲያ እንደሞላ ሕጉን ይጽፋል። ለመልሱ አንድ ነጥብ፣ ለሕጉ አንድ ነጥብ።

መምህራኑ ሳቁ። "ያላስተማርነውን ከጠየቁማ እኛ ለምን እንደክማለን?" አለ አንዱ። ማንም ሊይዘው ስላልፈለገ እሽጉ ዓለምዘውድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እምቢ ማለትም ልብ ይጠይቃልና ያዘችው።

ከትምህርት ሰዓት በኋላ ፈተናውን የሚፈልጉ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባሉ። በሰሌዳው ላይ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 12 ብላ ጽፋ ከጎኑ ባዶ ሳጥን ትስላለች። ልጆቹ መልሱን ለማግኘት ብዙም አይቸገሩም፤ አሥራ ሰባት ነው። ሕጉ ላይ ነው የሚወድቁት።

"ይጨምራል" ይላል ከማሉ፣ የእንሴኖው ልጅ፣ ሁልጊዜ እጁን ቀድሞ የሚያወጣው።

"ዝናብም ይጨምራል። በስንት?"

"በአንድ፣ ከዚያ በሁለት፣ ከዚያ በሦስት።"

"እሱ ያየኸው ነው። ሕጉ ምንድነው?"

እንዲህ እያለች እየጎተተች ታወጣዋለች፦ ጭማሪው በአንድ ይጀምራል፣ በየደረጃው ራሱ ጭማሪው በአንድ ያድጋል። ሕግ ማለት ያላየኸውን ቀጣዩን ቁጥር የሚያወጣልህ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንብቦት ሌላ ሰው ያለ ሥዕሉ ረድፉን መሥራት ካልቻለ ሕግ አይደለም ትላቸው ነበር። ጥሩ ታስተምር ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። ድምፅዋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ልጆቹም ያውቁታል፤ ልጅ የማያውቀው የለም።

ከልጆቹ መካከል አንዷ ሳሌሃ ትባላለች። የበርበሬ ነጋዴው የአቶ ሽፋ ልጅ ናት። ቁርዓን ቤት ብዙ ዓመት ተቀምጣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዘግይታ የገባች፣ ከክፍሏ ልጆች በዕድሜ ከፍ ያለች፣ በአማርኛ ከመናገሯ በፊት ቃሉን በአፏ ይዛ የምትቆይ ልጅ ነበረች። ወደዚህ ፈተና የመጣችበትን ምክንያት ዓለምዘውድ ሳትጠይቃት በመጀመሪያው ቀን ነግራታለች፦ የከተማው ክሊኒክ ውስጥ መርፌ የሚወጋው ወንድ ነው። የመንደሯ ሴቶች ክንዳቸውን ለወንድ ገልጠው ከመስጠት ታመው መተኛት ይመርጣሉ። "እኔ ብወጋቸው ይሰጡኛል" አለች። አባቷም በዚህ ነገር ተስማምቷል፤ ስምምነቱ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ካለፈች አዲስ አበባ ድረስ ራሱ ይወስዳታል፤ ካላለፈች ትምህርቱ ስምንተኛ ላይ ይበቃታል፣ ቤት ትገባለች። ሽፋ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው፤ ገበያው ሁሉ የሚያከብረው በዚህ ነው። ልጁም የምትፈራው በዚሁ ነበር።

የሳሌሃ ወረቀት በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ነበር። መልሶቿ ሁሉ ልክ፣ ሕጎቿ ከጥቂቱ በቀር ሁሉ ስሕተት። 3፣ 6፣ 12፣ 24 የሚለው ረድፍ ላይ አርባ ስምንት ብላ ሞልታለች፤ ከሥሩ "ግማሽ ግማሽ ይሆናል" ብላ ጽፋለች። ባለሦስት ጎን፣ ባለአራት ጎን፣ ባለአምስት ጎን ከሚለው ቀጥላ ባለስድስት ጎኑን አሳምራ ሥላለች፤ ሕጉን ስትጽፍ ግን "አንድ ጎን ይቀንሳል" ትላለች። ዓለምዘውድ መልሱ ላይ ራይት ታደርጋለች፣ ሕጉ ላይ ኤክስ ታደርጋለች፣ ወረቀቱን ትገለብጣለች።

ምን አሰበች? ልጅቷ ትኮርጃለች አለች። መልሱን ከከማሉ ወረቀት ታያለች፣ ሕጉን ከራሷ ትፈጥራለች ብላ ደመደመች፤ እንዲያ ማሰብ ቀላል ነበር። ሳሌሃን ከሁሉም ለይታ መስኮቱ ሥር አስቀመጠቻት። ልጅቷ ምን አጠፋሁ ሳትል ደብተሯን ይዛ ተነሣች። በሚቀጥለው ሳምንትም መልሶቿ ሁሉ ልክ፣ ሕጎቿ ከጥቂቱ በቀር ስሕተት ሆነው መጡ። በሌላ ዓመት ቢሆን ይህ ነገር ዓለምዘውድን እንቅልፍ ይነሣት ነበር። በዚያ ዓመት ግን ራይቷን አደረገች፣ ኤክሷን አደረገች።

ነገሩ የወጣው በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ከማሉ ታሞ ቀረ፤ እጅ የሚያወጣ ጠፋ፤ ዓለምዘውድም ዝምታው ሲሰለቻት "ሳሌሃ፣ ነይ ውጪ" አለቻት። በሰሌዳው ላይ አራት ቦታ የተከፈሉ ክቦች ተሥለዋል። በመጀመሪያው ክብ የላይኛው ቀኝ ሩብ ጠቁሯል፣ በሁለተኛው የታችኛው ቀኝ፣ በሦስተኛው የታችኛው ግራ። አራተኛው ባዶ ነው። ሳሌሃ ጠመኔውን ተቀብላ ሌሎች ልጆች ሁሉ ወደሚቆሙበት ወደ ግራው ጫፍ አልሄደችም። በቀኝ በኩል፣ ከባዶው ክብ አጠገብ ቆመች። የላይኛውን ግራ ሩብ አጠቆረች፤ ልክ ነው። ከዚያ ጣቷን ከዚያው ካጠቆረችው አንሥታ ወደ ግራ እየሄደች "እዚህ ነበር፣ ወደዚህ ወረደ፣ ወደዚህ ሄደ፣ ወደዚህ ወጣ። ወደ ግራ ይዞራል" አለች።

ልጆቹ ሳቁ። "ወደ ቀኝ ነው!" አሉ ከኋላ።

ዓለምዘውድ አልሳቀችም። "የመጀመሪያው የትኛው ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

ሳሌሃ ጥያቄው ግራ እንደገባት ሁሉ አየቻትና በቀኝ ጫፍ ያለውን አሁን የሞላችውን ክብ ነካች። "ይሄ ነዋ፣ እትዬ።"

ዓለምዘውድ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ማንበብ የጀመረችው በቁርዓን ነው፤ ረድፍ ማለት ለሷ ከቀኝ የሚነሣ ነገር ነው። የአማርኛ መጽሐፍ ሲሰጧት ፊደሉ ራሱ ወደ ግራ ይመልሳታል፤ ፊደል በሌለበት፣ ቁጥርና ሥዕል ብቻ በሆነበት ግን ዓይኗ ወደ ለመደው ይሄዳል። ባዶውን ሳጥን የረድፉ ራስ አድርጋ ታየዋለች። በእጥፍ የሚያድገው ቁጥር ከሷ ዘንድ በግማሽ የሚቀንስ ነው፤ ወደ ቀኝ የሚዞረው ወደ ግራ የሚዞር ነው። መልሱ ከሁለቱም ወገን አንድ ነው። የምትጽፈውም ሕግ እውነት ነው፤ ከተነሣችበት ከተነሣህ አንድም አይስትም።

ዓለምዘውድ ልጆቹን ሸኝታ ሳሌሃን አስቀረቻት። ያለፉትን ወረቀቶች ከመሳቢያ አውጥታ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ በገዛ እጇ ያደረገቻቸው ኤክሶች ተደርድረዋል። አፈረች። ከባሏ ቀብር ወዲህ አንድ ነገር ሲሰማት ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ማፈርም ቢሆን የሚሞቅ ነገር ነበረው።

"አልኮረጅሽም" አለቻት።

"አልኮረጅኩም" አለች ሳሌሃ። ለምን ዛሬ እንደተነገራት አልጠየቀችም።

ከዚያ በኋላ ከግራ እንድትነሣ አለማመደቻት። ልጅቷ ትችላለች፤ ግን ትዘገያለች። እያንዳንዱን ረድፍ መጀመሪያ በራሷ መንገድ ታየዋለች፣ ከዚያ ትገለብጠዋለች፣ ከዚያ በአማርኛ ትፈልገዋለች። ፈተናው ደግሞ ሰዓት አለው። ከግራ ስትነሣ ግማሹን ሳትጨርስ ሰዓቱ ያልቃል፤ በራሷ መንገድ ስትሠራ ሁሉንም ጨርሳ ታርፋለች። ዓለምዘውድ ስታስበው ሰነበተች። አዎ፣ ስታስብ። እራት እየበላችም፣ መንገድ ላይም ይኸው ሆነ ሐሳቧ። ጎረቤቷ "ዛሬ ፊትሽ ተመልሷል" አለቻት።

ከፈተናው ጥቂት ቀደም ብሎ መላ ያገኘች መሰላት። "ስሚ" አለቻት ሳሌሃን፣ "ሕግሽ ስሕተት አይደለም፤ ጎደሎ ነው። ከየት እንደምትነሺ አልተናገረም። መነሻው ከተነገረ ማንም አራሚ ይገባዋል። እንዳልሽው ጻፊው። ግን 'ከቀኝ ሲነሣ' ብለሽ ሁልጊዜ ለመጻፍ ሰዓት የለሽም፤ ስለዚህ በረድፉ አናት ላይ ከቀኝ ወደ ግራ የምትሄድ ትንሽ ቀስት አድርጊ። ቀስቷ መነሻውን ትናገርልሻለች።"

ሳሌሃ በወረቀት ጠርዝ ላይ አንዲት ቀስት ሣለች። "እንዲህ?"

"እንዲህ።"

"በሁሉም ላይ?"

"በሁሉም ላይ" አለች ዓለምዘውድ።

ፈተናው በሚያዝያ ተሰጠ። በሽፋኑ ላይ ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ሳሌሃ ስትወጣ "ጨረስኩት" ብላ ብቻ ወደ ቤቷ ሄደች።

እርማቱ በቡታጅራ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሆነ። ከአዲስ አበባ የተላኩት አቶ ባልቻ የመልስ ቁልፉን ይዘው መጡ፤ ረጋ ያሉ፣ ኮታቸውን በሙቀት እንኳ የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ከወልቂጤ ዳምጤ የሚባል መምህር መጣ። አድልዎ እንዳይኖር ዓለምዘውድ የወልቂጤን ወረቀቶች ታርማለች፣ ዳምጤ የቡታጅራን ያርማል፣ አቶ ባልቻ ሁለቱንም ይቆጣጠራሉ።

ዓለምዘውድ ከምታርመው ወረቀት ይልቅ የዳምጤን ፊት ትመለከት ነበር። የወልቂጤ ልጆች ብዙዎቹ ሕጉ ላይ "ይጨምራል" ብለው ጽፈዋል። ዜሮ ሰጠቻቸው።

ዳምጤ አንድ ወረቀት ላይ ቆመ። ገለጠ፣ መለሰ፣ እንደገና ገለጠ። "አቶ ባልቻ፣ ይህን ይዩት እስቲ። በያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ቀስት አለ።"

አቶ ባልቻ መነጽራቸውን አድርገው ተቀበሉት። ከሽፋኑ በስተጀርባ የታተመውን፣ በመልመጃዎቹ ላይ ያልነበረውን መመሪያ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፦ ከመልሱና ከሕጉ በቀር በወረቀቱ ላይ ማንኛውንም ምልክት ያደረገ ተፈታኝ ወረቀቱ አይታረምም። ይህ ለምን እንደተጻፈ በክፍሉ ያሉት ሁሉ ያውቁታል። ስም ከቀረ ወዲህ አንዳንድ ተማሪ ከአስተማሪው ጋር ተስማምቶ ጥግ ላይ ነጥብ ወይም ኮከብ ማድረግ ጀምሮ ነበር፤ አራሚው የሱ ሰው መሆኑን እንዲያውቅ።

"ምልክት ነው" አሉ አቶ ባልቻ፣ ወረቀቱን ለብቻው ሊያስቀምጡ።

"ምልክት አይደለም" አለች ዓለምዘውድ። ከወንበሯ መነሣቷን ያወቀችው ከቆመች በኋላ ነው። "የሕጉ ክፍል ነው። ከየት እንደሚነሣ ይናገራል።" ወደ ወረቀቱ ጠጋ ብላ በጣቷ አሳየቻቸው። "እዩት፣ 'ግማሽ ግማሽ ይሆናል' ይላል፤ ከቀኝ አንብቡት። ሃያ አራት፣ አሥራ ሁለት፣ ስድስት፣ ሦስት። ልክ ነው። ክቡንም እዩት። የሁሉም እንዲያ ነው።"

አቶ ባልቻ ተቀምጠው በትዕግሥት ከቀኝ አነበቡት። ዳምጤም አንገቱን አስግጎ አነበበ። "እውነትም ልክ ነው" አለ ዳምጤ፣ ሳያስበው።

"ልክ ነው" አሉ አቶ ባልቻ። "ብልህ ተማሪ ነው። ግን ወይዘሮ ዓለምዘውድ፣ ይህን ወረቀት ከዚህ ቀደም አላዩትም። ወረቀቱ በአቶ ዳምጤ እጅ ነው። ቀስቷ ምን ማለት እንደሆነች ከተቀመጡበት እንዴት አወቁ?"

ልትዋሽ ትችል ነበር፤ ገመትኩ ብትል ማን ይከራከራታል? ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ደህና ነኝ ስትል ከርማ ውሸቱ ሁሉ አልቆባት ይሁን እንጃ፣ አፏ የመጣላትን ተናገረ።

"እኔ ነኝ ያስተማርኳት።"

አቶ ባልቻ መነጽራቸውን አወለቁ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። "እንግዲያው አስተማሪና ተማሪ የተስማሙበት ምልክት ነው። በሐሳብዎ ክፋት እንደሌለ ይታየኛል። እኔ ግን ለአዲስ አበባ የምጽፈው ያየሁትን እንጂ ሐሳብዎን አይደለም። ይህን ባሳልፍ ነገ ሁሉም ተማሪ ቀስት ይሥላል።" ወረቀቱን ከሌሎቹ ለይተው በጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጡት፤ ዳምጤ ወደ ቀጣዩ ሄደ።

ከሰዓት ነጥቡ ተደመረ። ቦታውን ያገኘው የወልቂጤ ልጅ ነበር፤ ከአርባ ሃያ ሦስት አመጣ። አቶ ባልቻ ወደ ሻይ ቤት ሲወጡ ዓለምዘውድ በጠረጴዛው ጫፍ ላይ የቀረውን ወረቀት አነሣች። ማድረግ አልነበረባትም። ለራሷ አረመችው፤ ቀስቶቹን እንዳላየች፣ በቁልፉ ልክ፣ ያለ ምሕረት። ሃያዎቹም መልሶች ልክ ናቸው። ሕጎቹን ኤክስ፣ ኤክስ እያለች ሄደች። ከዚያ አንድ ረድፍ ላይ ደረሰች፦ ክብ፣ ካሬ፣ ክብ፣ ካሬ፣ ክብ። ሳሌሃ "ክብና ካሬ ይፈራረቃሉ" ብላለች። ቁልፉም ይኸንኑ ይላል። የሚፈራረቅ ነገር ከግራም ከቀኝም ያው ነውና። እንዲህ ያሉ ረድፎች አራት ነበሩ።

ሃያና አራት። ሃያ አራት።

ሁለት ጊዜ ደመረችው። ምንም ባትነግራት፣ እንደ ወትሮው ራይትና ኤክስ እያደረገች ብትተዋት፣ ልጅቷ በጎደሎ ሕጎቿ ታልፍ ነበር። ያጠፋቻት ስትደነዝዝ አይደለም፤ ስትነቃ ነው።

በማግስቱ ወደ አቶ ሽፋ ቤት ሄደች። ሰው መላክ ትችል ነበር፤ አልላከችም። ግቢው ውስጥ ዛላ በርበሬ በሸራ ላይ ተሰጥቷል፤ ሳሌሃ ከዳር ተቀምጣ የሻገተውን እየለቀመች ታወጣለች። አቶ ሽፋ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወንበር አቀረበላት።

"እንደምን አደሩ እትዬ። ወጣ?"

"ወጣ። የወልቂጤ ልጅ አገኘው።"

ሽፋ ራሱን ነቀነቀ። "የአላህ ፈቃድ ነው" አለ። በፊቱ ላይ ደስታም ቁጣም አልነበረም፤ ቃል ነበረ፣ ቃሉ ደግሞ ደረሰ። ሻይ ይምጣላቸው ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

ሳሌሃ እጇን ከበርበሬው አላነሣችም። "የቱን ሳትኩት?" አለች።

"አንዱንም አልሳትሽም።"

ልጅቷ ቀና አለች። ዓለምዘውድ ሁሉንም ነገረቻት፤ መመሪያውን፣ ቀስቱን፣ አቶ ባልቻ ከቀኝ አንብበው ልክ ነው ማለታቸውን፣ የወልቂጤው ልጅ በሃያ ሦስት ማለፉን። የሷን ሃያ አራት ግን አልነገረቻትም። ይህንን ለራሷ ልታስቀር መንገድ ላይ ወስና ነበር፤ ማወቁ ልጅቷን ምን ይጠቅማታል?

ሳሌሃ ጥቂት የሻገቱ ዛላዎች ለቅማ አወጣች። ቃሉን በአፏ ይዛ እንደምትቆየው ነው። ከዚያ ጥያቄዋን አመጣችው።

"ቀስቷን ባላደርግስ ኖሮ?"

ዓለምዘውድ አላውቅም ልትል ነበር። የልጅቷ ዓይን ከዓይኗ አልተነቀለም። ረድፍ በሙሉ አስልታ የጨረሰች፣ መልሱን አግኝታ ማረጋገጫ ብቻ የምትጠብቅ ልጅ ዓይን ነበር፤ ስንቶቹ ረድፎች እንደሚፈራረቁ፣ ከሁለቱም ወገን አንድ እንደሚሆኑ ከአስተማሪዋ በፊት ታውቃለች።

"ታልፊ ነበር" አለች ዓለምዘውድ።

"እሺ" አለች ሳሌሃ።

ዓለምዘውድ ማልቀስ ጀመረች። ለባሏ ያላለቀሰችው ለቅሶ ነበር፤ ድምፅ አውጥታ፣ በሰው ግቢ፣ በቀን። ሽፋ በሁለት እጁ ሻይ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ምን ተደረገ ብሎ ልጁን በዓይኑ ጠየቃት።

ሳሌሃ ተነሥታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "በርበሬው ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ ነው" አለች አባቷን፣ "ውኃ አምጣላቸው።" ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና የሻገተውን መልቀም ቀጠለች።